ቁጥሩ የጠፋባችሁን ሰው መልሶ ማግኛ መንገድ (ከጎንደር)

ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን ከሚያሠሩት እኩል የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ስልኬ ተበላሸ፣ የእገሌ ቁጥር አብሮ ጠፋ፣ እንዴት ላግኘው?» ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ስለማስረዳ እዚህ ልጻፈውና ከአሁን በኋላ ሊንኩን ልስጥ ብያለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ይሄ መመሪያ ለምታውቁትና እናንተንም ለሚያውቃችሁ ሰው ነው። የድሮ ተከራይ፣ የማራኪ ግቢ የዶርም ጓደኛ፣ በር የሠራላችሁ አናጢ፣ እንደዚህ ዓይነት። ሰውየው ሆን ብሎ ብሎክ አድርጓችሁ ከሆነ ወይም ተጣልታችሁ የተለያያችሁ ከሆነ፣ ቁጥሩ አልጠፋም፣ ተከልክላችኋል። እዚህ ላይ ማንበብ አቁሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የድሮ ስልኮቻችሁ፣ ቢሰበሩም፤ የድሮ ሲም ካርዶችም ካሉ
- የጂሜይል አድራሻችሁና የይለፍ ቃሉ
- ቴሌግራም የከፈታችሁበት ቁጥር
- ቤት ውስጥ ያለ የድሮ ደረሰኝ፣ የሠርግ ካርድ፣ የስልክ ማውጫ ደብተር
- ትንሽ ትዕግሥት፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ደረጃ ቀን ሊወስድ ይችላል

መንገዱን በምሳሌ አብሬ እሄዳለሁ። በቅርቡ አንዲት የቀበሌ 18 እናት መጡ። እትዬ እንበላቸው። ስልካቸው ከልብስ ጋር ታጥቦ ቦርዱ ሞቷል። የድሮ ተከራያቸው ዲፕሎማዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ረስታ ወጥታለች፣ እሷን ማግኘት ፈልገዋል። የሚያውቋት በቤት ስሟ ብቻ ነው።

1. ስለ ሰውየው የምታውቁትን በወረቀት ጻፉ

ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። ከዚያ ፌስቡክ ላይ አንድ ስም ይጽፍና ሺህ ሰው ይመጣበታል። ስም ከነአባት ስም፣ የቤት ስም ወይም ቅጽል፣ የት ተዋወቃችሁ፣ በየትኛው ዓመት፣ ያን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር፣ ከማን ጋር ይታይ ነበር፣ ብላችሁ ጻፉ። የመጨረሻው ዋናው ነው፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የምትሄዱት እነሱ ዘንድ ነው።

ስሙን በሚጻፍበት መልክ ሁሉ ጻፉት። ፀሐይ የሚባል ሰው ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ብሎ ሊመዘገብ ይችላል፣ በላቲን ደግሞ Tsehay ወይም Tsehaye። ኃይሉም ሀይሉ ነው፣ ሃይሉ ነው፣ Hailu ነው፣ Haylu ነው። እኛ ስናነበው አንድ ነው፣ የመፈለጊያ ሳጥኑ ግን የተለያየ ሰው ነው የሚመስለው። አንዱን ጽፋችሁ ስታጡት «የለም» አትበሉ።

እትዬ ዘንድ የተገኘው ይሄ ነው፦ የቤት ስም፣ ልብስ ሰፊ መሆኗ፣ አራዳ ገበያ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትሰፋ እንደነበር። የአባት ስም የለም።

2. መጀመሪያ የራሳችሁን ዕቃ ፈትሹ

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ቁጥሩ እጁ ላይ እያለ ነው የሚፈልገው። ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ ከአንድ በላይ ነው። ስልኩ ሞተ ማለት ቁጥሩ ሞተ ማለት አይደለም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

*ሲም ካርዱ።* በድሮ ቁልፍ ስልክ ስትመዘግቡ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሲሙ ላይ ነበር። ሲሙን ሌላ ስልክ ውስጥ ከትታችሁ ኮንታክት ውስጥ «ከሲም አስገባ» የሚለውን ፈልጉ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሲም ጠፍቶባችሁ ቴሌ ሄዳችሁ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ካርድ ብታወጡ ቁጥራችሁ ይመለሳል፣ ካርዱ ላይ የነበሩት ስሞች ግን አይመለሱም። ስሞቹ ያሉት ቺፑ ላይ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ የመሰላችሁን የድሮ ሲም አትጣሉት፣ መጀመሪያ ይሞከር።

*ጎግል።* አንድሮይድ ስልክ ላይ ጂሜይል ከነበራችሁ፣ ኮንታክቶቹ ሳታውቁት ወደዚያ ሲሄዱ ቆይተው ሊሆን ይችላል። በማንኛውም ስልክ ወይም ኮምፒውተር contacts.google.com ክፈቱና በድሮው ጂሜይል ግቡ። ከሰረዛችሁት ደግሞ መጣያው ውስጥ ለ30 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ያልፋል። ስልክ ቤት ወስዳችሁ «ጂሜይል ክፈትልኝ» ስትሉ በየጊዜው አዲስ ከከፈቱላችሁ፣ የድሮውን አድራሻ ማስታወስ ነው ትልቁ ሥራ። የድሮ ስልኩ የሚበራ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አካውንት የሚለው ላይ ተጽፏል።

*ቴሌግራም።* ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቴሌግራም ኮንታክቶቻችሁን እንዲያመሳስል ፈቅዳችሁለት ከነበረ በራሱ በኩል ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ የስልኩ ማውጫ ባዶ ሆኖ እንኳ፣ በዚያው ቁጥር ቴሌግራም ከገባችሁ ሰዎቹ እዚያ ሊገኙ ይችላሉ። ስሙን ተጫኑ፣ ቁጥሩ ከታየ ጻፉት። ካልታየ ሰውየው ደብቆት ነው፣ ግን መልእክት መላክ ትችላላችሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ። ውጭ አገር የሄደ ሰውም ብዙ ጊዜ ቴሌግራሙን በኢትዮጵያ ቁጥሩ እንደከፈተው ነው የሚቆየው።

የጋራ ግሩፕ ካላችሁ ደግሞ፣ የክፍል ግሩፕ፣ የማኅበር ግሩፕ፣ ግሩፑ ውስጥ ገብታችሁ «ቁጥሬ» ብላችሁ ፈልጉ። ሰው ስልክ ሲቀይር የሚጽፈው «አዲሱ ቁጥሬ ይሄ ነው» ብሎ ነው። «ስልኬ» እና «0918» ብላችሁም ሞክሩ።

*የገንዘብ መልእክቶች።* ለሰውየው ብር ልካችሁ ወይም ልኮላችሁ ከነበረ፣ ከ127 የመጣው የቴሌብር መልእክት ላይ ስሙ አለ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ መሃሉ በኮከብ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፣ እንዲህ፦

```
2519****1234
```

ከዚህ ሙሉ ቁጥር አይወጣም። መሃል ያሉትን እየገመታችሁ አትደውሉ፣ የማታውቁትን ሰው ሁሉ ነው የምትረብሹት። ግን ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛ የመዝገብ ስሙን ከነአባቱ። ሁለተኛ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች፣ በኋላ ያገኛችሁት ቁጥር ትክክል መሆኑን የምታረጋግጡበት።

*ወረቀት።* ደብተር ላይ የተጻፈ ቁጥር ከ1998 ዓ.ም. በፊት ከሆነና ስድስት አሃዝ ብቻ ካለው እንዳለ አይሠራም፣ የቁጥሩ አሠራር ያን ጊዜ ተቀይሯል። የጎንደር የቤት ስልክ 058 ብሎ ይጀምራል። የባሕር ዳርም 058 ስለሆነ በመነሻው ብቻ ከተማውን አትለዩም።

ወደ እትዬ እንመለስ። የድሮ ቁልፍ ስልካቸውን ከቤት አስመጣናቸው። ሲሙ ላይ «ኪራይ» የሚል ስም አገኘን። ደስ አላቸው፣ ደወሉ። ያነሳው መተማ የሚኖር ሰውዬ ነው፣ ስለ ተከራይ የሚያውቀው ነገር የለም። ይሄ የተለመደ ነው፦ ለረጅም ጊዜ ያልተሞላና ያልተደወለበት ቁጥር ይዘጋል፣ ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ይቅርታ ጠይቀው ዘጉ፣ ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ሰረዝንበት። እዚያው ስልክ ላይ ግን ኪራይ የከፈለችበት የቴሌብር መልእክት ነበር። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዝገብ ስሟን ከነአባቷ አዩት። ቤት ስሟ ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም! በቤት ስሟ ዓመት ሙሉ ቢፈልጉ ኖሮ አያገኟትም ነበር። የመጨረሻ አራት አሃዞቹንም ጻፍን፣ ሲሙ ላይ ካለው ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ ቤቱን ሳትለቅ በፊት ቁጥር ቀይራለች ማለት ነው።

3. የጋራ ሰው ጋ ሂዱ፣ ግን ቁጥር አትጠይቁ፣ ቁጥር ስጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። «የእገሌን ቁጥር ስጪኝ» ስትሏት መሃል ላይ ያለችው ሰው ትጨነቃለች። ሳታስፈቅድ ብትሰጥ ነገ ትወቀሳለች፣ ብትከለክል እናንተ ትቀየማላችሁ። ብዙው ሰው «እፈልግና እነግርሃለሁ» ብሎ ያልፋል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። «የእኔን ቁጥር ስጪልኝ» ስትሏት ግን የምታስበው ነገር የለም፣ ወዲያው ታደርሰዋለች። መደወል አለመደወሉ የሚፈለገው ሰው ምርጫ ይሆናል።

ስታስተላልፉ መልእክቱ አራት ነገር ይኑረው፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደምታውቁት፣ ለምን እንደፈለጋችሁትና ቁጥራችሁ። ለምንነቱ ካልተነገረ ሰው ይፈራል። «እትዬ ፈልገውሻል» ብቻ ሲባል ያልተከፈለ የመብራት ሒሳብ ይሆን እንዴ ብሎ የማይሸሽ የለም። እትዬ ያስጻፉኝ ይሄ ነው፦

«የቀበሌ 18 አከራይሽ ነኝ። ዲፕሎማሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል፣ በደህና አስቀምጨዋለሁ። ሌላ ጉዳይ የለኝም። ሲመችሽ በዚህ ቁጥር ደውይልኝ።»

ወረቀት ላይ ይጻፍ። በቃል የተነገረ ቁጥር አንድ አሃዙ ይሳሳታል።

ማን ጋ ልሂድ ለሚለው፣ የቅርብ ዘመድ ሁልጊዜ ምርጥ አይደለም። የሚሻለው ሰውየውን በየቀኑ ያየው የነበረ ሰው ነው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ በተለይ በዱቤ የሚሰጥ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ አብራው ቡና የምትጠጣ ጎረቤት። ነባር ነዋሪ ከሆነ የዕድሩ ጸሐፊ ወይም የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ ያውቀዋል። ተከራይ ግን ብዙ ጊዜ ዕድር አይገባም፣ እዚያ አትድከሙ። ተማሪ የነበረ ከሆነ የክፍል ተጠሪውን ፈልጉ። ተጠሪ የሁሉንም ስልክ ይዞ የከረመ ነው፣ ደግሞም ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሄዳችሁ የሌላ ተማሪ ቁጥር ብትጠይቁ አይሰጧችሁም፣ መስጠትም የለባቸውም።

ከጎንደር ወጥቶ ለኖረ ሰው ጥምቀት ጥሩ ጊዜ ነው። የከተማው ልጅ ጥር 10 እና 11 ከያለበት ይመጣል፣ የጋራ ጓደኞቻችሁንም አንድ ላይ የምታገኙት ያኔ ነው። ካልቸኮላችሁ ጠብቁት።

እትዬ መጀመሪያ የሄዱት ከቤታቸው በታች ወዳለው ሱቅ ነው። ልጁ ቁጥሯ የለውም፣ ግን ወደ አዘዞ እንደሄደች ያውቃል። አራዳ አብራት ትሰፋ የነበረችው ልጅ አሁንም እዚያው እንዳለችም ነገራቸው። አራዳ ወረዱ። ልጅቱ መጀመሪያ ፊቷን አጠቆረችባቸው፣ ቁጥር አልሰጥም አለች። ልክ ነች። እትዬም ወረቀቱን ሰጥተዋት ተመለሱ። ማታውኑ ተደወለላቸው።

ካልተደወለስ? ሳምንት ያህል ጠብቁ፣ ወረቀቱ ደርሶ እንደሆነ መሃል ያለችውን ሰው አንዴ ብቻ ጠይቁ። «ደርሷል» ካለችና ዝም ከተባለ መልሱ እሱ ነው። በሌላ ሰው በኩል እንደገና አትላኩ።

4. ንግድ ያለው ሰው ከሆነ፣ ለሕዝብ ያወጣውን ቁጥር ተጠቀሙ

ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ስፌት ቤት፣ ክሊኒክ ያለው ሰው ቁጥሩን ራሱ አውጥቶታል፣ እንዲደወልለት ነው የጻፈው። ሦስተኛው መንገድ ባይሳካ ኖሮ እትዬን ወደዚህ ነበር የምልካቸው፣ አዘዞ ስፌት ቤት ከፍታ ከሆነ ታፔላ ይኖረዋልና።

ጎግል ማፕ ላይ የንግዱን ዓይነትና ሰፈሩን ጻፉ፣ በአማርኛም በላቲንም። ቁጥር ባይኖር እንኳ ፎቶዎቹን ክፈቱ። የእኛ አገር ታፔላ ላይ ስልክ የማይጻፍበት ስለሌለ ፎቶውን ስታጎሉት ብዙ ጊዜ ይነበባል። የጎረቤቱ ሱቅ ታፔላ ብቻ ከታየ ወደዚያ ደውላችሁ ቁጥራችሁን በእነሱ በኩል ላኩ፣ ያው ሦስተኛው ደረጃ ነው። የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ያለው ነጋዴ መግለጫው ላይ ቁጥር ያስቀምጣል። ቤት ያለ የድሮ ደረሰኝም አይናቅ፣ የድርጅቱ አድራሻና ስልክ ብዙ ጊዜ ከላይ ታትሟል።

ስትደውሉ በሥራ ሰዓት ይሁን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ። የሚያነሳው ሠራተኛ ሊሆን ስለሚችል ጉዳያችሁን ለእሱ አትዘርዝሩ። ስማችሁንና ቁጥራችሁን ተውለት።

5. ቁጥሩን አረጋግጡ

ያገኛችሁት ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ የመተማውን ሰውዬ አስታውሱ። መጀመሪያ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ሰላም፣ እገሌ ነኝ፣ ማራኪ ግቢ አብረን የተማርን። ቁጥሩ የእገሌ ነው?» ከዚያ በላይ አትጻፉ፣ ምክንያቱም የግል ጉዳያችሁን የማያውቃችሁ ሰው እያነበበው ሊሆን ይችላል።

«አዎ ነኝ» ቢል እንኳ፣ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር ጠይቁ። በተለይ «ስልኬ ጠፍቶ ነው፣ እስኪ ትንሽ ብር ላክልኝ» የሚል ከመጣ ድምፁን ሳትሰሙ ሳንቲም አትላኩ። የቴሌብር መልእክት ካላችሁ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አስተያዩ። የእትዬ ገጠመ፣ ዲፕሎማውንም የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ራቁ

- *«ቴሌ የሚሠራ ሰው አለኝ፣ ትንሽ ከፈል አድርግና ላውጣልህ» የሚል።* ወይ ይበላችኋል፣ ወይ ወንጀል ውስጥ ያስገባችኋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። 994 ብትደውሉም የግለሰብ ቁጥር አይሰጧችሁም፣ እዚያ አትከራከሩ።
- *የማንንም ቁጥር እናወጣለን የሚሉ አፖች።* አንዳንዶቹ ሲጫኑ የእናንተን ኮንታክት በሙሉ ለማየት ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንድ ሰው ፍለጋ የጓደኞቻችሁን ሁሉ ቁጥር አሳልፋችሁ እየሰጣችሁ ነው።
- *የሰውን ፎቶ ለጥፎ «አፋልጉኝ» ማለት።* ይሄ ቤተሰብ ጠፍቶበት ፖሊስ ላመለከተ ሰው ነው። ለትውውቅ ሲሆን ሰውየውን ያዋርደዋል፣ ቁጥሩንም ማንም አስተያየት ላይ ይጽፈዋል።

ሰው የሚሳሳትባቸው

ትልቁ ስህተት የሞተን ስልክ ዳታው ሳይወጣ ፍላሽ ማስደረግ ነው። ፍላሽ ሲደረግ ስልኩ ላይ ብቻ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ለጠጋኙ ገና ስትሰጡት «ውስጡ ያለው ቁጥር ያስፈልገኛል» በሉት፣ አለዚያ እሱ የሚያስበው ስልኩን ስለማስነሳት ብቻ ነው። ውኃ የገባበትን ስልክም ቻርጀር ላይ አትሰኩት፣ የቀረችውን ተስፋ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ሌላው፣ የድሮውን የቴሌግራም አካውንት ትቶ በአዲስ ቁጥር አዲስ መክፈት ነው። ቻቶቹም ኮንታክቶቹም የድሮው ላይ ስለቀሩ ባዶ ቤት ነው የምትገቡት። የድሮው ቁጥር በእጃችሁ ካለ በእሱ ግቡና ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሩን ቀይሩት፣ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

6. ስታገኙት እንዲህ መዝግቡት

«ኪራይ»፣ «አናጢ»፣ «የማራኪው» ብላችሁ አትመዝግቡ። ስም ከነአባት፣ ቀጥሎ የት እንደምታውቁት። ስትመዘግቡ የት ይቀመጥ ብሎ ሲጠይቃችሁ ስልኩን ወይም ሲሙን ሳይሆን ጎግልን ምረጡ። ጂሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ቤት ባለ ደብተር ላይ ጻፉ። እኔ ጋ ስትመጡ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው።